ዝርዝሩ ላይ ያለው ሰዓት እና እጃችን የሚነሳበት ሰዓት

(ሥራ ለጀመሩ ነርሶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

እንደምን አደራችሁ። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ሌሊቱን ዱቲ ላይ ስለነበርኩ ድምፄ ሩቅ አይደርስም።

ዛሬ የማወራው ስለ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከጠዋቱ 1:45 እስከ 2:15 ስላለው። የቀን ተረኛ ርክክብ ይቀበላል፣ የዋርዱን የሥራ ዝርዝር ይከፍታል፣ ከዚያ መጀመሪያ ወደየትኛው አልጋ እንደሚሄድ ይወስናል። ሰዓት ስጠራ እንደምንናገረው በአማርኛ አቆጣጠር ነው። ስክሪኑ 08:00 ካለ እኔ ጠዋት 2 ሰዓት እላለሁ። ይህን ቀድሜ የተናገርኩት በምክንያት ነው፤ በወረቀት ቻርት ላይ ባዶ «8» ተጽፎ አይቼ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ይሁን ሳልለይ የቆምኩበት ቀን ስላለ ነው። እናንተ ስትጽፉ ዋርዱ በያዘው አንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ።

ዝርዝሩን ስትከፍቱ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰዓት አለው። ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት ተራ ያስቀምጠውና ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ አሠራር የሚያሳስተው ሰዓቱ የሥራው መድረሻ እንጂ መነሻ ስላልሆነ ነው። «3 ሰዓት ቫንኮማይሲን» የሚል መስመር መድኃኒቱ መቼ መጀመር እንዳለበት ይነግራችኋል እንጂ ከዚያ በፊት ደም መቀዳት እንዳለበት፣ መድኃኒቱን ለማዘጋጀት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ከተሰቀለ በኋላ የታካሚውን መስመር ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ አይነግራችሁም። ስለዚህ እኔ ከመድረሻው ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። መስመሩን የማስቀምጠውም ልጀምረው በምችልበት የመጨረሻ ደቂቃ ነው።

ይህን በአንድ ጠዋት እናየው። ስድስት አልጋ ተረክባችኋል። ለትምህርት ብዬ ያሰናዳሁት ነው፤ ሆኖም እዚህ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ በየዋርዱ የሚያጋጥም ነው።

1ኛ አልጋ የስኳር ታካሚ ናት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ኤንፒኤች ኢንሱሊን ወስዳለች። የሌሊቱ ተረኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የደም ስኳሯን ለክቶ 104 አግኝቷል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 8 ዩኒት ሬጉላር ኢንሱሊን ታዞላታል፤ ቁርስ 2:30 ይደርሳል። 2ኛ አልጋ ፓርኪንሰን ያለባቸው አባት ናቸው፤ ሌቮዶፓቸው 2 ሰዓት ነው። 3ኛ አልጋ ቫንኮማይሲን 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ የሚወስድ ወጣት ነው። ዶዙ 3 ሰዓት ላይ ሲሆን ከዚያ በፊት በደሙ ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ለማየት ናሙና ታዟል፤ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ ሌላ አንቲባዮቲክ አለው። 4ኛ አልጋ የልብ ድካም ያለባቸው እናት ናቸው፤ 3 ሰዓት ላይ ዲጎክሲንና ፉሮሴማይድ አላቸው። 5ኛ አልጋ ትናንት ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ነው፤ የሌሊቱ ተረኛ 1:40 ላይ በደም ሥር ሞርፊን ሰጥቶታል። 6ኛ አልጋ ላይ ያለው በየ8 ሰዓቱ ከቆዳ ሥር 5,000 ዩኒት ሄፓሪን የሚወጋ ሲሆን የንጋቱ 12 ሰዓት ዶዝ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሆኖ «አልፏል» ይላል።

ዝርዝሩን በሰዓት ብቻ ብታስቀምጡት ቀዩ ሄፓሪን ከላይ ይሆናል። ቀጥሎ የ2 ሰዓቱ ኢንሱሊንና ሌቮዶፓ፣ ከዚያም የ3 ሰዓቱ ክምር ይመጣል። 5ኛ አልጋ ላይ ያለው ሰው አይታይም፤ ምክንያቱም ከሞርፊን በኋላ የሚደረገው ክትትል በብዙ ዝርዝር ላይ የራሱ መስመር የለውም። ሞርፊኑ «ተሰጥቷል» ተብሎ ምልክት ስለተደረገበት ሥራው ያለቀ ይመስላል።

ከቀዩ መስመር ልጀምር፤ እኔም ስቼ የተማርኩት እሱ ላይ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ልክ እንደዚህ ባለ ጠዋት፣ ቀይ የሆነ የሄፓሪን መስመር አየሁ። ርክክቡ ፈጣን ነበር፤ ባልደረባዬ ቦርሳውን አንግቶ ወደ በሩ እያየ ነው የሚያወራው። ስለ ሄፓሪኑ አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅሁም። «ረስቶታል፣ ልሸፍንለት» ብዬ አዘጋጅቼ ሄድኩ። ታካሚው ሆዱን ገልጦ «አሁን ንጋት ላይ ወጉኝ እኮ» አለኝ። የማታ 4 ሰዓቱን ከንጋቱ ጋር ቀላቅሎታል ብዬ ወጋሁት። ሲሪንጁን ስጥል ነው ከእምብርቱ በስተግራ የተለጠፈችውን ጥጥ ያየሁት። መካከሏ ላይ የደም ነጥብ ነበረች፤ ገና አልጠቆረችም።

ባልደረባዬ ሰጥቶት ነበር፤ ሳይፈርም ወደ ሌላ አልጋ ተጠርቶ ሄዶ ረሳው። ለሐኪም አሳወቅሁ፣ የስህተት ሪፖርት ጻፍኩ፣ ታካሚው ቀኑን ሙሉ መድማት እንዳይኖር ክትትል ተደረገለት፤ ምንም አልሆነም። ያ ቀን ያስተማረኝ «አልፏል» የሚለው ቃል ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቀለም እንደሚያሳይ ነው። አንደኛው አልተሰጠም ነው፤ ሁለተኛው አልተፈረመም ነው። ስክሪኑ እነዚህን አይለይም። የሚለየው የሰጠው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ 2 ሰዓት ከሆነ ደቂቃዎች በኋላ ታክሲ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ቀይ መስመር ሁሉ በርክክቡ ውስጥ ያልቃል፤ ወደ ሥራ ሰዓቴ አይሻገርም። ከማንኛውም ነገር በፊት ዝርዝሩን «ያለፉ» በሚለው አስቀምጬ ከሚሄደው ተረኛ ጋር አብረን እናያለን። «ይህን ሰጥተኸዋል?» እለዋለሁ። አዎ ካለ በእኔ ፊት፣ በሰጠበት ትክክለኛ ሰዓት ይፈርማል። አልሰጠሁም ካለ ምክንያቱን እጠይቃለሁ፤ ታካሚው እምቢ ብሎ ይሆናል፣ መድኃኒቱ ከፋርማሲ አልደረሰ ይሆናል፣ ሐኪሙ በቃል አቁሙ ብሎ ይሆናል። ሰውየው ሄዶ ከሆነ ስልክ እደውላለሁ። በስልክም ካላገኘሁት ታካሚውን እጠይቃለሁ፣ የተወጋበትን ቦታ አያለሁ፣ የዕቃውን ቆጠራ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ መስጠት አለመስጠቱን ከሐኪሙ ጋር እወስናለሁ። አንድ ዶዝ መዘግየቱ ከሁለት ዶዝ መደራረብ የሚሻልበት መድኃኒት ብዙ ነው፤ የሚያስቸግረው በተቃራኒው የሆኑትም መኖራቸው ነው። ለዚህ ነው ብቻዬን የማልወስነው።

በዛሬው ምሳሌያችን የሌሊቱ ተረኛ «አልሰጠሁም፤ ቫያሉ አልቆ ፋርማሲ 1:30 ላይ ነው ያመጣው» አለ እንበል። እንግዲህ ይህ በእውነት ያለፈ ዶዝ ነው። የሚቀጥለው 8 ሰዓት ላይ ነው። አሁን ብሰጠው በሁለቱ መካከል 6 ሰዓት ይቀራል፤ ስለዚህ ለሐኪሙ ነግሬ፣ ስጥ ካለኝ እሰጠዋለሁ፣ የሚቀጥለውንም በሰዓቱ ይሁን ይገፋ ብዬ እዚያው እጠይቃለሁ። ስልኩ አንድ ደቂቃ ነው፤ መርፌው ግን ከ5ኛ አልጋ አይቀድምም።

አሁን 2:05 ነው። መጀመሪያ የምሄደው ዝርዝሩ ላይ ወደሌለው ሰው ነው።

በደም ሥር የተሰጠ ሞርፊን ኃይሉን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ 1:40 ላይ ከተሰጠ እስከ 2:10 ድረስ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ማየት አለበት። ሕመሙ ቀነሰ ወይ ብሎ መጠየቅ አለ፣ ከዚያ በላይ ግን እንቅልፉና አተነፋፈሱ ነው የሚታየው። ትንፋሽ የምቆጥረው ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው። አሥራ አምስት ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት በቀስታ ለሚተነፍስ ሰው አያገለግልም፤ በ15 ሴኮንድ ውስጥ አንድ ትንፋሽ ብትስቱ ስህተቱ አራት ይሆናል። ስጠራው ዓይኑን ገልጦ ከመለሰልኝና ትንፋሹ 14 ከሆነ፣ ጽፌ እሄዳለሁ። ተናግሮ ሳይጨርስ እንቅልፍ የሚወስደው ከሆነ ግን ትንፋሹ ገና ሳይቀንስም ቢሆን እዚያው እቆማለሁ፤ ድብታው ብዙ ጊዜ ከትንፋሹ ቀድሞ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ዝርዝሩ የማያሳያቸው ሌሎችም አሉ። ሲያስፈልግ ብቻ የሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ በሌላ ገጽ ላይ ናቸው። እየወረደ ያለ ፈሳሽም የማለቂያ ሰዓት የለውም፤ 1,000 ሚሊ ሊትር በሰዓት 125 እየወረደ ከሆነና ንጋት 12 ላይ ከተሰቀለ ከቀኑ 8 ሰዓት ያልቃል። ይህን እናንተ አስልታችሁ ካልጻፋችሁት ፓምፑ ሲጮህ ነው የምታውቁት። እኔ እንዲህ ያሉትን በእጄ እጽፋቸዋለሁ። አንድ ወረቀት ወደ ጎን አጥፌ በየሰዓቱ አሰምረዋለሁ፤ አልጋው ከላይ ወደ ታች፣ ሰዓቱ ከግራ ወደ ቀኝ። ወጣቶቹ ይስቁብኛል፣ ግን ከኪሴ ስትወጣ ስድስቱንም ሰው በአንድ ጊዜ ታሳየኛለች።

ወደ 1ኛ አልጋ ልሂድ። ኢንሱሊኑ የ2 ሰዓት መስመር ነው፤ ልኬቱ ደግሞ 12 ሰዓት ላይ «ተሠርቷል» ተብሎ ምልክት አለው፤ 104። ዝርዝሩን የሚያምን ሰው በ104 ተማምኖ 8 ዩኒት ይወጋል። ግን ያ ቁጥር የሁለት ሰዓት ዕድሜ አለው። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ምግብ አልገባም፣ ማታ የተወጋው ኤንፒኤች ደግሞ ሥራውን አላቆመም። ከምግብ በፊት የሚሰጥ ኢንሱሊን ልኬቱ ከምግቡ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የተወሰደ፣ ቢቻል ከግማሽ ሰዓት ያልራቀ መሆን አለበት። 2:08 ላይ ጣቷን ወግቼ ለካሁ፦ 68።

ከ70 በታች ነው፤ ስለዚህ ኢንሱሊኑ ይቆማል። ነቅታለች፣ ትውጣለች፤ 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚፈጭ ስኳር በአፏ ሰጠኋት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና እለካለሁ። ሐኪሙም ይነገረዋል፤ የጠዋቱ ዶዝ ብቻ ሳይሆን የማታውም ኤንፒኤች መታየት አለበት። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከሦስት ደቂቃ በፊት ያስቀመጥኩት ተራ ፈረሰ። አንድ መስመር ወጣ፤ «2:25 ዳግም ልኬት» የሚል አዲስ መስመር ገባ። የማይፈርስ ተራ ያለው ዋርድ አላየሁም። ወረቀቷ ላይ 2:25ን ከብቤ ቀጠልኩ።

ቁጥሩ 140 ቢሆን ኖሮስ? ያኔ ሌላ ነገር ይመጣል። ሬጉላር ኢንሱሊን ከምግብ 30 ደቂቃ ገደማ በፊት ይወጋል፤ ቁርስ 2:30 ከሆነ መርፌው 2 ሰዓት መሆኑ ልክ ነው። የሚያሳስበኝ ግን ቁርሱ በእርግጥ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። ከመውጋቴ በፊት ከአልጋው ራስጌ «በአፍ ምንም እንዳይወስድ» የሚል ምልክት አለመኖሩን አያለሁ፣ ምግብ የሚያድለውንም ሰው «ዛሬ በሰዓቱ ነው?» እለዋለሁ። ኢንሱሊን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከትሪ ጋር ነው የተጋባው።

2ኛ አልጋ፤ ሌቮዶፓ። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ አንድ ክኒን፣ ትንሽ ውኃ። ስለዚህም ነው «ከሌሎቹ ጋር አብሬ በ3 ሰዓቱ ራውንድ እሰጠዋለሁ» የሚባለው። እንዲህ የሚል ነርስ እኚህን አባት ከዶዛቸው አንድ ሰዓት አሳልፎ አይቷቸው አያውቅም። እጃቸው ይደርቃል፣ ከአልጋ መነሳት ያቅታቸዋል፣ ከዚያም መዋጥ ያስቸግራቸዋል። መዋጥ ያቃተውን ሰው ደግሞ የዘገየውን ክኒን እንዴት ታውጡታላችሁ? ቁርሱንስ? መዘግየቱ መድኃኒቱን የመስጫ መንገዱን ራሱ ይዘጋዋል። በዚያ ላይ ሌቮዶፓ ከፕሮቲን ጋር በአንጀት ስለሚሻማ ከቁርስ ቀደም ብሎ ቢገባ ይሻላል። 2:12 ላይ ሰጠኋቸው፤ 12 ደቂቃ ዘግይቻለሁ፣ ግን በ30 ደቂቃው ውስጥ ነኝ።

30 ደቂቃ ያልኩት ከየት መጣ? አሜሪካ የሚገኝ አይኤስኤምፒ የሚባል የመድኃኒት አሰጣጥ ደኅንነት ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ አለ። ከዚያ በፊት እዚያ አገር ሆስፒታሎችን ይገዛ የነበረው ደንብ መድኃኒትን ሁሉ ከተያዘለት ሰዓት በ30 ደቂቃ ውስጥ ስጡ ይል ነበር። በሥራ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ እንደሚገምተው ነርሶቹ መሯሯጥና አቋራጭ መፈለግ ጀመሩ። አዲሱ መመሪያ ከፋፈለው። ሰዓቱ ቢሳት ጉዳት የሚያመጣው ወይም ሥራውን የሚያሳጣው መድኃኒት በፊትም በኋላም 30 ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ግን ከየ4 ሰዓቱ ባልበለጠ የሚሰጠው አንድ ሰዓት ይሰጠዋል። በቀን አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚሰጠው ሁለት ሰዓት አለው። እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን የጠባብ-ሰዓት መድኃኒቶች ዝርዝር ያወጣል፤ የእናንተ ዋርድ ካለው እሱን ያዙ፣ ከሌለው ዋና ነርሷን ጠይቁ።

ይህን የነገርኳችሁ ለ3 ሰዓቱ ክምር ስለሚጠቅማችሁ ነው። በስድስት አልጋ ላይ 3 ሰዓት የሚል መስመር ሃያ ሊደርስ ይችላል፤ ማንም ሰው በ3 ሰዓት ሃያ ነገር አይሰጥም። ግን ግማሹ በቀን አንዴ የሚሰጥ የደም ግፊት ክኒን፣ ቫይታሚንና የመሳሰለው ከሆነ እስከ 5 ሰዓት ድረስ ቦታ አለው ማለት ነው። እነሱ ናቸው መተንፈሻችሁ። ስትቸኩሉ የምትገፏቸው እነሱን ነው፤ ኢንሱሊኑን ወይም ሌቮዶፓውን አይደለም። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ቫይታሚኑ ቀላል ስለሆነ ቀድሞ ይሰጣል፣ ሰዓት የሚጠብቀው ዝግጅት ስለሚፈልግ ይቆያል።

2:25። 1ኛ አልጋ፤ 96። ቁርሷ ደርሷል፣ ትብላ።

አሁን ጠዋቱን ሁሉ ሳስበው የነበረው 3ኛ አልጋ መጣ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለው፤ «3:00 ቫንኮማይሲን» እና «3:00 የቫንኮማይሲን ደም ናሙና»። ሁለቱም 3 ሰዓት ናቸው። አንዳንዱ ሲስተም መድኃኒቱን በአንድ ገጽ፣ ላቦራቶሪውን በሌላ ገጽ ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱ በፊደል ተራ ይደረድራል። ምን ብትሉት የቱ እንደሚቀድም አይነግራችሁም። ናሙናው የሚፈልገው ከቀጣዩ ዶዝ በፊት ያለውን ዝቅተኛውን መጠን ነው፤ ስለዚህ ከዶዙ በፊት ባለው 30 ደቂቃ ውስጥ፣ ከ2:30 እስከ 3:00፣ መቀዳት አለበት። መድኃኒቱ ከተሰቀለ በኋላ የተቀዳ ደም ከፍ ያለ ቁጥር ያመጣል። ያን ቁጥር ያየ ሐኪም ሳያስፈልግ ዶዝ ይቀንሳል፤ ኢንፌክሽኑ በቂ መድኃኒት ሳያገኝ ይቀራል። ስህተቱ ደግሞ በየትም አይታይም፤ ወረቀቱ ላይ ናሙና ተወስዷል፣ ውጤት መጥቷል፣ ሁሉም ትክክል ይመስላል። ሊታወቅ የሚችለው የተቀዳበት ደቂቃና ዶዙ የተጀመረበት ደቂቃ ጎን ለጎን ከተጻፉ ብቻ ነው።

ከመቅዳቴ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቄ መልሱን ይዣለሁ፤ ውጤቱን ጠብቄ ልስጥ ወይስ ቀድቼ ልቀጥል? የኩላሊት ሥራው ደህና ለሆነ ሰው ቀድቶ መቀጠል የተለመደ ነው፤ ክሬያቲኒኑ እየጨመረ ላለ ሰው ግን ጠብቁ ሊሉ ይችላሉ። ይህን ጥያቄ 3 ሰዓት ላይ፣ የተዘጋጀ መድኃኒት በእጃችሁ ይዛችሁ አትጠይቁት። በርክክቡ ጊዜ፣ ለሄፓሪኑ በደወላችሁበት በዚያው ስልክ ጠይቁት። የተመለሰልኝ «ቀጥል» ነው። ደሙን መድኃኒቱ ከሚገባበት መስመር ሳይሆን ከሌላው ክንድ 2:40 ላይ ቀዳሁ።

ቫንኮማይሲን በችኮላ አይወርድም። ቢያንስ 60 ደቂቃ፣ በደቂቃም ከ10 ሚሊ ግራም ያልበለጠ፤ ከሁለቱ የሚረዝመው ይያዛል። 1 ግራም 1,000 ሚሊ ግራም ነው፤ በ10 ሲካፈል 100 ደቂቃ። 3 ሰዓት የተጀመረ 4:40 ያልቃል። ፈጥኖ ከወረደ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ግፊትም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ዓይኔን ከእሱ አላነሳም። እዚህ ላይ ደግሞ ዝርዝሩ ሌላ ነገር ሸሽጓል፤ የ4 ሰዓቱ አንቲባዮቲክ። ልጁ ያለው አንድ ካኑላ ነው፣ እሱም እስከ 4:40 ተይዟል። ሁለቱን በአንድ መስመር ማስኬድ ፋርማሲስቱ ይሆናል ካላለ በስተቀር አይሞከርም።

ምን ይደረጋል? ሁለተኛው በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ ነው፤ ዋርዱ በጠባብ-ሰዓት ዝርዝሩ ውስጥ ካላስገባው አንድ ሰዓት ቦታ አለው፣ እስከ 5። ቫንኮማይሲኑ 4:40 ሲያልቅ መስመሩን አጥቤ 4:45 እጀምረዋለሁ። ገባ፤ ግን የቀረኝ ትርፍ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ቫንኮማይሲኑን 3:20 ጀምሬው ቢሆን ኖሮ 5 ሰዓት ላይ ነበር የሚያልቀው፤ ሁለተኛው ከጊዜው ይወጣ ነበር። በ3 ሰዓት የተደረገች የሃያ ደቂቃ መዘግየት ዋጋዋን የምታስከፍለው በ5 ሰዓት ነው። ዋርዱ ሁለተኛውንም ጠባብ-ሰዓት ብሎት ከሆነ ደግሞ ጠዋት 2:05 ላይ ነው ሁለተኛ ካኑላ የማስገባው፤ 4 ሰዓት ሲደርስ ሥር መፈለግ አልጀምርም።

4ኛ አልጋን በአጭሩ ልለፈው። ዲጎክሲን ከመስጠቴ በፊት በጆሮ ማዳመጫ ልባቸው ላይ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤ ንጋት ላይ የተጻፈው 64 ለእኔ አይሠራም። ከ60 በታች ከሆነ ይዤ እደውላለሁ። የዛሬውን ፖታሲየም ደግሞ ከላቦራቶሪው ገጽ ላይ ፈልጌ አያለሁ፤ ፉሮሴማይድ ፖታሲየም ያወርዳል፣ የወረደ ፖታሲየም ባለበት ዲጎክሲን መርዝነቱ ይጎላል። ልባቸውን 2:50 ላይ ቆጠርኩ፤ 72 ነበር። ፖታሲየሙ 4.1 ነው፤ 3 ሰዓት ከአምስት ላይ ሰጠኋቸው።

ጥያቄ አለ? … ከፊት ያለችው እህቴ።

«ሁለቱ በአንድ ደቂቃ ቢገጥሙኝስ? የ5ኛ አልጋው ትንፋሽና የ1ኛዋ ስኳር ለምሳሌ።»

አንዱን ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል ወይ ብለሽ ጀምሪ። ጣት መውጋትና ቁጥሩን ማንበብ ባልደረባሽ ሊያግዝሽ ይችላል፤ በቁጥሩ ላይ መወሰን ግን ያንቺ ነው፤ ቁጥሩን በጆሮሽ እስክትሰሚ ኢንሱሊን አታንሺ። ሰው ከሌለ መጀመሪያ አየር ነው፤ ትንፋሽ ቆጥረሽ ወደ ስኳሯ ሂጂ። ሰው ሳለ ሳይጠሩ ብቻ መሯሯጥ ግን ጉብዝና አይደለም፣ ይህንን ከልቤ ነው የምልሽ።

ወንድሜ፣ አንተ።

«ዶዝ ከዘገየብኝ የሰጠሁበትን ሰዓት ነው የምጽፈው ወይስ የታዘዘበትን? አንዳንዴ ሲስተሙ ቀይ ስለሚያደርገው የታዘዘበትን እንድንጽፍ የሚመክሩን አሉ።»

የሰጠህበትን። ለምን እንደሆነ በዚያው በ3ኛ አልጋ ላሳይህ። ቫንኮማይሲኑን 4:30 ጀምረኸው 3:00 ብለህ ጻፍክ እንበል። የማታዋ ተረኛ ቀጣዩን በ3 ሰዓት ትሰቅላለች፤ ለእሷ 12 ሰዓት ሞልቷል፣ በልጁ ደም ውስጥ ግን አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ነገ ጠዋት የሚቀዳው ናሙናም ከዚያ ጋር ተዛብቶ ይመጣል። ቀይ መስመር ሲኖር ምክንያቱን ጻፍ፣ ፋርማሲስቱን ወይም ሐኪሙን ቀጣዩን ዶዝ መቼ እናድርገው ብለህ ጠይቅ፤ የመለሱልህን ሰዓት ከማታዋ ተረኛ ጋር ስትረካከቡ ዝርዝሩ ላይ ጣትህን አስቀምጠህ አሳያት።